ቤቱ ዋጋው ጨመረ፤ እኛስ ጨመርን?

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ተቀጣሪዎች ነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። የ20/80 ኮንዶሚኒየም አለን፣ በባንክ ብድር የገዛናት ቪትዝም አለች። ባለቤቴ ሰሞኑን ደብተር ይዞ ቁጭ ብሎ ደመረና ‹ዕዳችን ተቀንሶ ከ7 ሚሊዮን ብር በላይ አለን፤ ከአምናው በጣም አድገናል› አለኝ። አሁን ቤቱን አስይዘን ብድር እንውሰድና መኪናዋን በትልቅ እንቀይር እያለ ነው። እኔ ግን ደመወዝ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሁሌም እጄ ባዶ ነው። 7 ሚሊዮን ያለው ሰው እንዴት የወር አስቤዛ ያጥረዋል? የአምናውንም የዘንድሮውንም ዝርዝር ልኬልሃለሁ፣ እየው።»

ባለቤትሽ ድምሩን አልተሳሳተም። የደመራቸው ነገሮች ናቸው ችግሩ። አንዳንዱ ነገር ዋጋው ተጋኗል፣ አንዳንዱ ሀብት ያልሆነ ነገር ሀብት ተብሏል፣ ከዕዳውም ግማሽ ያህሉ ከነጭራሹ አልተጻፈም። የላክሽልኝን ዝርዝር አንድ በአንድ አይቼ እንደገና ስሠራው 7 ሚሊዮን 115 ሺህ የነበረው ወደ 5 ሚሊዮን 425 ሺህ ብር ወረደ። ይሄ መጥፎ ቁጥር አይደለም። ግን መኪና ቀይሩ የሚል ቁጥር አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ እስከ መጨረሻው አብረን እናየዋለን።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። የተጣራ ሀብት ማለት በአንድ በታወቀ ቀን ያላችሁን ሁሉ ሸጣችሁ፣ ያለባችሁን ሁሉ ብትከፍሉ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ነው። «በአንድ በታወቀ ቀን» የምትለዋን ያዢልኝ። ደመወዝ በገባ ማግስት የባንክ ደብተር ማየትና ከወር መጨረሻ በፊት ማየት ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ያስመስላችኋል። እኔ ለሰው የምሠራው ሁልጊዜ በሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ የባንክም የመሥሪያ ቤትም ወረቀት በዚያ ቀን ለማግኘት ይቀላል፣ ዓመት ቆይቶ ለማወዳደርም ቀኑ አይረሳም። የሰኔ ደመወዝ ገብቶ ከሆነ የሠራችሁት፣ በሚመጣውም ዓመት ደመወዝ ከገባ በኋላ ሥሩት። ከዚህ ሌላ ወረቀቱ ምንም ምስጢር የለውም፤ የልጅ ደብተር መሃሉን በመስመር ከፍለሽ በግራ ያላችሁን፣ በቀኝ ያለባችሁን መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ፤ ትልቁ ቁጥር እሱ ስለሆነ ትልቁም ስህተት እዚያ ነው። ባለቤትሽ 5 ሚሊዮን 500 ሺህ ያለው ጎረቤታችሁ ለቤቱ የጠራውን ዋጋ ሰምቶ ነው። የተጠራ ዋጋ ዋጋ አይደለም። ሻጭ የሚመኘው ነው፣ ደላላም ደንበኛ ለመያዝ ከፍ አድርጎ ይናገረዋል። አንቺ ራስሽ ከዝርዝሩ ግርጌ እንደጻፍሽልኝ እዚያው ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ያለች ተመሳሳይ ቤት ግንቦት ላይ የተሸጠችው በ4 ሚሊዮን 800 ሺህ ነው። ወረቀቱ ላይ መግባት ያለበት ይሄ ነው፤ እሱም የደላላው 2 በመቶ ተቀንሶ። 96 ሺህ ይሄዳል፣ እኔ 4 ሚሊዮን 700 ሺህ ብዬ ይዤዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የ20/80 ቤት ከተረከባችሁት 5 ዓመት ካልሞላው መሸጥ አይፈቀድም። እናንተ አልፋችሁታል። ያላለፈው ሰው ግን ቤቱን ሲጽፍ አጠገቡ «አይሸጥም» ብሎ ማስፈር አለበት፤ ቁጥሩ ያው ቢሆንም ትርጉሙ ይለያያል።

መኪናዋም እንደዚያው ናት። የመኪና መሸጫ ቤት የተለጠፈው 1 ሚሊዮን 650 ሺህ እነሱ ለገዢ የሚሉት ነው። አንቺ ነገ ይዘሽ ብትሄጂ ምን ይሰጡሻል? ባለቤትሽ ሁለት ቦታ ጠይቆ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ተብሏል፤ እሱ ነው የሚጻፈው። ወርቁም የተጻፈው በተገዛበት ዋጋ ነበር፣ 300 ሺህ። ወርቅ ቤት ስትሸጪ ግን የእጅ ሥራውን አይከፍሉሽም፤ መዝነው በግራም ነው የሚገዙት። እንደነገርሽኝ ሚዛን ላይ አስቀምጠው 230 ሺህ ብለውሻል። የባንክ አክሲዮናችሁን በተገዛበት በ100 ሺህ ተውኩት። ሰው ከዚያ በላይ ይሸጣል ይባላል፣ አዎ። ግን ገዢ በእጅሽ እስካልያዝሽ ድረስ፣ ባንካችሁም በ2017 ሥራ በጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ላይ ተመዝግቦ ዋጋው በይፋ እስካልታየ ድረስ፣ በሰሚ ሰሚ ዋጋ መጻፍ አልወድም።

የባለቤትሽ ወንድም ከእናንተ የተበደረው 80 ሺህ ብር አለ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አልፏል፣ አሁን ስልክም በቶሎ አያነሳም ብለሻል። ዜሮ ጻፊው። ይቅር በሉት እያልኩ አይደለም፤ መጠየቃችሁን ቀጥሉ፣ የሰጠ ቀን ገንዘብ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይገባል። እስከዚያ ግን በእሱ ላይ ተመክቶ ምንም ነገር ማቀድ አይቻልም።

ባለቤትሽ ያልጻፋቸው፣ መጻፍም የሌለባቸው ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጠይቀኛል። ደመወዝ ሀብት አይደለም፣ ገቢ ነው። እድር ሀብት አይደለም፤ ሰላሳ ዓመት ብትከፍዪም ሸጠሽ አትወጪም። ጡረታ ደግሞ አንቺ 7 በመቶ፣ አሠሪሽ 11 በመቶ እየከፈለ የሚጠራቀም ትልቅ መብት ነው፤ ሆኖም ዛሬ ልውሰደው ብትዪ የሚሰጥሽ የለም፣ ዕዳም አይከፈልበትም። ስለዚህ ከገጹ ሥር በማስታወሻ ይቀመጥ እንጂ ድምር ውስጥ አይግባ። የፕሮቪደንት ፈንድ ያለው ሰው ጉዳይ ይለያል፤ ሥራ ሲለቅ የሚወስደውን ያህል መጻፍ ይችላል። ሶፋውን፣ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን እርሺያቸው።

እንግዲህ በግራ በኩል ቤቱ፣ መኪናዋ፣ ወርቁ፣ አክሲዮኑና ባንክ ያለው 185 ሺህ ሲደመሩ 6 ሚሊዮን 715 ሺህ ብር ይሆናሉ።

የቀኙ ገጽ ነው እውነተኛው ጉዳይ። ባለቤትሽ ሁለት ዕዳ ብቻ ነው የጻፈው፤ የኮንዶሚኒየሙ 310 ሺህና የመኪናዋ 390 ሺህ። እነዚህን በትክክል ነው ያመጣቸው፤ ከባንኩ ቀሪ ዋና ገንዘብ የሚለውን ወረቀት አስወጥቶ ነው እንጂ ወርሃዊ ክፍያውን በቀሩት ወራት አባዝቶ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያባዛው ነው። ሲያባዛ ገና ያልደረሰውን ወለድ ጭምር የዛሬ ዕዳ አድርጎ ይጽፈዋል፣ ሳያስፈልግ ይደነግጣል። የእናንተ ወረቀት ስህተት ሌላ ነው፤ ባንክ ያልሰጠው ዕዳ እንደ ዕዳ አልተቆጠረም።

እቁቡን እንይ። 24 ሰው፣ በወር 10 ሺህ፣ መስከረም የተጀመረ። ስምንተኛው ዙር ላይ፣ ሚያዝያ፣ ዕጣው ለአንቺ ወጣና 240 ሺህ ብር ወሰድሽ። ቤት ውስጥ ይሄ እንደ ገቢ ነው የተቆጠረው። «እቁብ ደረሰን» ሲባል ሁላችንም ገንዘብ እንደመጣልን ነው የሚሰማን፤ የማውቃቸው የሂሳብ ሠራተኞች እንኳ በራሳቸው ቤት እንደዚያ ያስባሉ። በወረቀቱ ላይ ግን እቁብ ሁለት ፊት አለው። ዕጣው እስኪወጣልሽ ድረስ የከፈልሽው ሁሉ ሀብት ነው፤ ሌሎቹ ናቸው የአንቺን ገንዘብ ይዘው ያሉት። ዕጣው ከወጣልሽ በኋላ ቀሪው ክፍያ ሁሉ ዕዳ ነው፤ አሁን አንቺ ነሽ የእነሱን ይዘሽ ያለሽው። በሚያዝያዋ ቀን የሆነውን ልንገርሽ። 240 ሺህ በጥሬው ገባ። እስከዚያ የከፈልሽው 80 ሺህ በሀብት በኩል ጠፋ፣ 160 ሺህ ደግሞ በዕዳ በኩል ተጻፈ። ሰማንያና መቶ ስልሳ ሁለት መቶ አርባ ነው። የዚያን ቀን ምንም አልተጨመረላችሁም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ከፍለሻል፣ ስለዚህ ለሰኔ 30፣ 2017 የሚጻፈው 140 ሺህ ብር ዕዳ ነው። የእቁቡ ዳኛ ባንክ ስላልሆነ ዕዳነቱ አይቀርም፤ እንደውም ዋስ የሆኑልሽ ሰዎች ስላሉበት ከባንኩ ይልቅ ይከብዳል።

ከመሥሪያ ቤት የወሰድሽው የደመወዝ ብድር 45 ሺህም አልተጻፈም። በየወሩ ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ተረስቶ ነው።

ሦስተኛው፣ ከባዱ፣ የእህትሽ ገንዘብ ነው። በ2014 አሜሪካ ያለችው እህትሽ 3 ሺህ ዶላር ልካልሽ «ሲመቻችሁ ትመልሱልኛላችሁ» አለች። ያኔ በባንክ 156 ሺህ ብር አካባቢ ሆኖ ነው የወጣው፣ ቤት ውስጥም እስከ ዛሬ «የእህቴ መቶ ሃምሳ ሺህ» ነው የሚባለው። እሷ ግን መቶ ሃምሳ ሺህ ብር አላበደረችሽም። ሦስት ሺህ ዶላር ነው ያበደረችሽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀው 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በሰኔ 2017 ምንዛሪ፣ በ135 ብር ብታሰቢው ያቺው 3 ሺህ ዶላር 405 ሺህ ብር ሆናለች። አንድ ሳንቲም ሳትጨምሪበት፣ ተኝተሽ እያለሽ፣ ከመኪናው ብድር የበለጠ ዕዳ ሆነ። የአምናው ወረቀት ላይ በ57 ብር ሂሳብ 171 ሺህ ብር ነው መጻፍ የነበረበት።

አምስቱ ዕዳዎች ሲደመሩ 1 ሚሊዮን 290 ሺህ ብር ናቸው። ከ6 ሚሊዮን 715 ሺህ ላይ ሲነሳ የነገርኩሽ 5 ሚሊዮን 425 ሺህ ይቀራል።

ባለቤትሽ «አድገናል» ያለው ላይ እንምጣ። አንድ ወረቀት የት እንዳላችሁ ይነግርሻል፣ ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ለማወቅ ግን ሁለት ያስፈልጋል። ያምናውን ሰኔ 30 ዝርዝር በተመሳሳይ መንገድ ስሠራው የተጣራው 4 ሚሊዮን 639 ሺህ ብር ነበር። ስለዚህ በአንድ ዓመት 786 ሺህ ብር ጨምራችኋል። ይሄን አይቶ ደስ የማይለው የለም። ግን ጭማሪውን ለሁለት መክፈል የግድ ነው፤ ዋጋ ስለተለወጠ የመጣውንና እናንተ በእጃችሁ ያመጣችሁትን።

ዋጋ የሠራውን እንይ። ቤቱ ካምናው 700 ሺህ ጨመረ፣ መኪናዋ 300 ሺህ፣ ወርቁ 80 ሺህ። አንድ ሚሊዮን ሰማንያ ሺህ። ከዚህ ላይ የእህትሽ ዶላር ያበጠው 234 ሺህ ሲቀነስ ዋጋ ብቻውን 846 ሺህ ብር ሰጣችሁ።

ታዲያ ጠቅላላ ጭማሪው 786 ሺህ ከሆነ፣ ዋጋ ብቻውን 846 ሺህ ካመጣ፣ እናንተ ምን አመጣችሁ? ስልሳ ሺህ ብር ቀነሳችሁ። እንዴት እንደሆነ ልዘርዝረው። ለቤቱ ብድር ዋና ገንዘብ 40 ሺህ፣ ለመኪናው 140 ሺህ፣ ጠቅላላ 180 ሺህ ከፈላችሁ። ይሄ ጎበዝ ሥራ ነው፣ ይታወቅላችሁ። ግን በሌላው እጅ የእቁብ 140 ሺህና የመሥሪያ ቤት 45 ሺህ፣ ጠቅላላ 185 ሺህ ተበደራችሁ። በዚያ ላይ ባንክ ያለው ከ240 ሺህ ወደ 185 ሺህ ወረደ፣ 55 ሺህ ወጣ። መቶ ሰማንያ ከፍሎ መቶ ሰማንያ አምስት መበደር፣ ከዚያ ሃምሳ አምስት ከቁጠባ ማንሳት። ሲጣፋ ስልሳ ሺህ ወደ ኋላ ነው።

የእቁቡ ገንዘብ የት ሄደ ብዬ ስጠይቅሽ የሰጠሽኝ መልስ ትክክለኛ ነው፤ የሞተር እድሳት፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሶፋና ቴሌቪዥን። አንዱም ብክነት አይደለም። ቢሆንም አንዳቸውም በግራው ገጽ ላይ አልተገኙም። የሞተር እድሳቱ መኪናዋ ዋጋዋን እንዳታጣ አደረገ እንጂ አልጨመረላትም። 240 ሺህዋ የመኪናውን ብድር ብትቀንስ፣ ወይም ለእህትሽ ብትላክ ኖሮ ከፊሉ ወረቀቱ ላይ ዛሬም ይታይ ነበር። ወር መጨረሻ ባዶ እጅ የሚያስቀርሽም ይኸው ነው። የቤት ወጪያችሁ ከገቢያችሁ በጥቂቱ ይበልጣል፣ ክፍተቱን እቁብና የደመወዝ ብድር ይሸፍነዋል፣ እነሱም በተራቸው በየወሩ ክፍያ ይዘው ይመጣሉ። የቤቱ ዋጋ መጨመር ደግሞ ሽፋን ይሆናል፤ ድምሩ ስላደገ ማንም አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር፣ በተለይ ለባለቤትሽ።

አንደኛው፣ የቤቱና የመኪናዋ ጭማሪ በየዓመቱ ይደገማል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። ያለፈው ዓመት ተራ ዓመት አልነበረም። ብሩ በአንድ ጊዜ ነው የወረደው፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ተከተለ። መኪና ላይ ደግሞ ከዚያም በፊት፣ በ2016፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ያለችው ቪትዝ ተፈላጊ የሆነችው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ፣ መለዋወጫው እየተወደደ ሲመጣ ያቺው መኪና ወዴት እንደምትሄድ እኔም ሆንኩ መኪና ሻጩ በእርግጠኝነት አንነግርሽም። መኪና ያረጃል። ሌላው ቀርቶ በሌላ አገር ሰው መኪና የሚጽፈው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

ሁለተኛው፣ ብር ራሱ መለኪያ ነው፣ መለኪያው ግን አጥሯል። የሰኔ 2017 የዋጋ ንረት 14 በመቶ አካባቢ ነበር። ያምናው 4 ሚሊዮን 639 ሺህ የመግዛት አቅሙን ሳያጣ ለመቆየት ብቻ ወደ 650 ሺህ ብር ማደግ ነበረበት። እናንተ ያደጋችሁት 786 ሺህ ነው። ስለዚህ እውነተኛው እድገት 136 ሺህ ብር ገደማ ነው፣ እሱም ከቤቱ የመጣ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር በዶላር ካልመነዘርኩ ይላል። በባንክ ምንዛሪ ብትሠሪው ካምናው 81 ሺህ ዶላር ወደ 40 ሺህ ዶላር ወርዳችኋል፤ ይሄን አይቶ ግን መደንገጥ አያስፈልግም። አምና የባንኩ 57 ብር ማንም እንደልቡ ዶላር የሚገዛበት ዋጋ አልነበረም፣ ከጥቁር ገበያው ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ስለነበር የአምናው 81 ሺህ ከመጀመሪያውም የተነፋ ነው። የምትኖሩት፣ የምትበሉትና ደመወዝ የምታገኙት በብር ስለሆነ ወረቀቱን በብር ሥሩት፣ የዋጋ ንረቱን አጠገቡ ጻፉ። በዶላር ማሰብ ያለባችሁ የእህትሽን ገንዘብ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አስቤዛው ጥያቄሽ። ካላችሁ 6 ሚሊዮን 715 ሺህ ውስጥ 6 ሚሊዮን 200 ሺህው ቤትና መኪና ነው። የቤቱን በር ነቅለሽ ዘይት አትገዢበትም። በሳምንት ውስጥ እጅሽ ሊገባ የሚችለው ባንክ ያለው 185 ሺህና፣ ከባሰም ወርቁ ነው። የወር ወጪያችሁ ከነብድሩና ከነእቁቡ 62 ሺህ ነው ብለሻል። የሁለታችሁም ደመወዝ ቢቆም፣ የባንኩ ገንዘብ ሦስት ወር እንኳ በቅጡ አያዳርስም። ይሄንን 185 ሺህ ከገጹ ሥር ለብቻው ጻፉት፤ ስለ ኑሯችሁ ከአምስቱ ሚሊዮን የበለጠ የሚናገረው እሱ ነው።

ምክሬ ግልጽ ነው። ቤቱን አስይዛችሁ መኪና አትቀይሩ። መጀመሪያ ነገር ቤቱ አሁንም በኮንዶሚኒየሙ ብድር ተይዟል፤ ያ 310 ሺህ ሳይዘጋ ወይም ባንኩ ሳይስማማ ሌላ ብድር የሚሰጥበት አበዳሪ አታገኙም። ባለቤትሽ ይሄን ማለፍ ይቻላል ይለኝ ይሆናል፣ ይቻላልም። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያሳስበኝ። ብድሩ በወጣበትና መኪናው በተገዛበት ቀን የተጣራ ሀብታችሁ ብዙም አይለወጥም፤ ሀብትም ዕዳም እኩል ያድጋሉ፣ የጠፋው የደላላው፣ የኢንሹራንሱና የስም ማዛወሪያው ብቻ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ግን አሁንም ያልሞላው የወር ወጪ ላይ አዲስ ክፍያ ይጨመራል። በራሳችሁ እጅ ስልሳ ሺህ ወደ ኋላ የሄደ ቤት ያንን ክፍያ የሚከፍለው ከሌላ እቁብ ነው። ከዚያም ማስያዣው መኪናው ሳይሆን ልጆቻችሁ የሚያድሩበት ቤት ነው።

ከዚያ ይልቅ መጀመሪያ የእህትሽን ነገር ያዙ። በብር ደመወዝ እየበላችሁ በዶላር ዕዳ መያዝ፣ ከሁሉም ዕዳችሁ ከቁጥጥራችሁ ውጭ ያለው እሱ ነው። ወለድ ስለሌለው ቀላል ይመስላል፤ ካምናው ሰኔ ወዲህ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ እንዲህ ያለ ወለድ የሚያስከፍል ባንክ የለም። ደውለሽ በግልጽ አነጋግሪያት። «ምንም አይደለም፣ ተዪው» ካለች፣ ስጦታ ነው ማለቷ ነው ወይስ ቆይታ ትጠይቃለች የሚለውን በቀጥታ ጠይቂያት፤ ስጦታ ከሆነ ከወረቀቱ ይሰረዛል፣ ካልሆነ ግን እንደተንጠለጠለ አይቀመጥ። እናታችሁ አዲስ አበባ ናቸው፣ እሷም በየወሩ 100 ዶላር ትልክላቸዋለች ብለሻል። እንግዲያው እዚህ ሆናችሁ ለእናታችሁ የሚያስፈልጋቸውን እናንተ ብትሸፍኑ፣ ያንኑ መቶ ዶላር ከዕዳው ብትቀንስልሽ በ30 ወር ያልቃል። በዚያው በ135 ብር ምንዛሪ በወር 13 ሺህ 500 ብር ነው፤ ለአዲስ መኪና ልትከፍሉ ካሰባችሁት እንደሚያንስ እገምታለሁ። የየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚያዝ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ በየወሩም በመልእክት ተጻጻፉ፤ በእህትማማች መካከል የሚያቀያይመው ገንዘቡ ሳይሆን ያልተጻፈው ነው።

ሁለተኛ፣ ይሄ እቁብ 14 ወር እስኪያልቅ ድረስ ሌላ እቁብ አትግቡ። ከዚያ በኋላ ብትገቡ ዕጣውን መጨረሻ አካባቢ የሚወስዱት ውስጥ ሁኑ፤ ቶሎ የወሰደ ተበዳሪ ነው፣ ዘግይቶ የወሰደ ቆጣቢ ነው። የደመወዝ ብድሩ እንዳለቀ አታድሱት። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ካላደሳችሁ፣ አሁን የምትከፍሉት 180 ሺህ የብድር ዋና ገንዘብ በሚመጣው ዓመት ወረቀት ላይ ሙሉ በሙሉ ይታያል፣ የቤቱ ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ።

ለባለቤትሽ ደግሞ ሰኔ 30፣ 2018 የሚሞላ ባዶ ገጽ አሁኑኑ አዘጋጂለት። ቤቱን ሲጽፍ የተሸጠ ቤት ዋጋ ይጠይቅ፣ የተጠራ አይቀበል። ከሥር ሁለት መስመር ይኑር፤ አንዱ «ዋጋ ያመጣው»፣ ሌላው «እኛ ያመጣነው»። ዘንድሮ በሁለተኛው መስመር ላይ የሚጻፈው 60 ሺህ ነው፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርገሽ። ያንን ከሁለታችሁም ዓይን በማይርቅበት ቦታ፣ ፍሪጁ ላይም ቢሆን ለጥፉት፤ መኪና የመቀየሩን ወሬ ያ ምልክት ወደ መደመር ሲቀየር ብትመለሱበት ይሻላል።